የሰባት ቀን ጥያቄ፦ በሳምንታዊ የድረ ገጽ ልቦለድ የምዕራፍ መዝጊያ ላይ

በድረ ገጽ በየሳምንቱ አንድ ምዕራፍ የሚያወጣ ደራሲ፣ «ይቀጥላል» ብሎ ሲዘጋ አንባቢው ሰባት ቀን ይዞት የሚቆይ ጥያቄ ሊተውለት ይገባል። ብዙዎች ይህን የሚያደርጉት በመጨረሻው አንቀጽ ላይ ድንገተኛ አደጋ በመጨመር ነው፤ በሌሊት በር ይንኳኳል፣ ጥይት ይጮኻል፣ ማንነቱ የማይታወቅ ሰው ይደውላል። አንባቢው ለጊዜው ይደነግጣል፤ በሦስተኛው ሳምንት ግን መዝጊያው ከታሪኩ እንዳልወጣ ይገባዋል። እኔ የምከራከረው ልብ ሰቀላ የሚሠራው ከመዝጊያው ብዙ ምዕራፎች ቀድሞ ነው ብዬ ነው። የመጨረሻው አንቀጽ የሚጠበቅበት፣ ገፀ ባሕርይው ከዚህ በፊት የገባውን ግዴታ ሊሸሽ ወደማይችልበት ቦታ ማድረስና እዚያው ማቆም ነው።

ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆነን በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። መጽሐፉ ለሳምንታዊ ንባብ የተጻፈ አልነበረም። ሆኖም በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በኢትዮጵያ ሬድዮ በክፍል በክፍል ሲተረክ አድማጭ ቀጣዩን ክፍል በጉጉት ይጠብቅ ነበር። የተራኪው ችሎታ ድርሻው ትልቅ መሆኑ አይካድም፤ ዳሩ ግን ታሪኩ ራሱ የትም ቢቆረጥ ጥያቄ ይዞ የሚቆም ነው። በዛብህ ገና በሕፃንነቱ በወላጆቹ ስለት ለቤተ ክርስቲያን ተሰጥቷል። አድጎ በፊታውራሪ መሸሻ ቤት ሰብለ ወንጌልን ሊያስተምር ሲገባ፣ አጠገቧ የሚቀመጥባት እያንዳንዷ ሰዓት ከዚያ ስለት ጋር ትጋጫለች። በዚያ ላይ የፊታውራሪ የዘር ኩራት አለ። ስለዚህ ጸጥ ባለ የንባብ ትምህርት ላይ እንኳ ቢቆም አድማጩ የሚጨነቅበት አያጣም። ንግሩ ቀድሞ ስለተጣለ መዝጊያው መጮህ አያስፈልገውም።

በሥራ ላይ እንዴት እንደሚውል ለማየት አንድ ታሪክ እናስብ። መቼቱ ወለቃ፣ ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለችው የሸክላ መንደር ናት። በ1983 ዓ.ም. ወደ እስራኤል የሚሄድ አንድ የቤተ እስራኤል ቤተሰብ ቤቱን ለጎረቤቱ፣ ለአንዲት ሸክላ ሠሪ፣ አደራ ይሰጣል። ይህ በመጀመሪያው ምዕራፍ ይታያል። በአራተኛው ምዕራፍ የሴትዮዋ ልጅ ሊያገባ ነው፤ መኖሪያ የለውም፤ እናት አንገራግራ ቤቱን ትፈቅድለታለች። በአምስተኛው የዚያ ቤተሰብ ልጅ ከውጭ ደውላ ልትመጣ መሆኑን ትናገራለች። እናት የሰማችውን ለልጇ ሳትነግር ትቀራለች። ሰባተኛው ምዕራፍ የት ይቆም? ደራሲው በሠርጉ ዋዜማ ሌሊት መብራቱን ያጠፋ መኪና ደጃፍ ላይ ቢያቆም፣ መኪናው ከአደራውም ከእናትየዋ ዝምታም ጋር ግንኙነት የለውም። እንግዳዋ ግን በጠራራ ፀሐይ መጥታ፣ አዲስ በተለሰነው ግድግዳ ፊት ቆማ፣ «እማማ፣ የእናቴ ቤት የትኛው ነው?» ብትልና ልጁ ወደ እናቱ ቢዞር፣ ምዕራፉ እዚያ ሊቆም ይችላል። መልሱ የግድ ምርጫ ነው፤ እውነቱን ብትናገር ልጇን ታሳፍራለች፣ ብትዋሽ አደራውን ትበላለች። ቀጣዩ ምዕራፍም በመጀመሪያው ገጽ ላይ መልሱን መስጠት አለበት፤ ሌላ እንግዳ አስገብቶ ጥያቄውን ማንጠልጠል የአንባቢን እምነት መብላት ነው።

የተገደደውን መዝጊያ ለመለየት የመጨረሻውን አንቀጽ ሰርዞ ማንበብ ይጠቅማል። በሁለተኛው አማራጭ ጥያቄዋ ብትሰረዝም እናትየዋ ምን ልታደርግ ነው የሚለው ስጋት ይቀራል። በመኪናው ግን አንቀጹ ሲወጣ ስጋቱም አብሮ ይወጣል፤ ከአንቀጹ ውጭ ሥር አልነበረውምና።

ድንገተኛ አደጋ በታላላቅ ተከታታይ ልቦለዶችም አለ የሚል ተቃውሞ ይነሣል። የቶማስ ሃርዲን «ኤ ፔር ኦፍ ብሉ አይዝ» የሚጠቅስ ሰው ትክክለኛ ምሳሌ ይዟል፤ ከ1872 እስከ 1873 እ.ኤ.አ. በመጽሔት በተከታታይ በወጣው በዚህ ልቦለድ ናይት የተባለው ገፀ ባሕርይ ገደል አፋፍ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ነገር ግን ዋናዋ ገፀ ባሕርይ ኤልፍሪድ ወደዚያ አፋፍ የወጣችው በምስጢር ቃል የገባችለትን ስቲቨንን የያዘችውን መርከብ በመነጽር ለማየት ነበር። ስለዚህ አንባቢው የሚጠይቀው ናይት ይተርፍ ይሆን የሚለውን ብቻ ሳይሆን፣ ልቧ ከማን ጋር እንደሆነም ነው። ገደሉ የቆየውን ግዴታ ወደ ፊት ገፋው እንጂ እንደ አዲስ አልፈጠረውም።

የሚከብደው ሌላው ተቃውሞ ነው፤ በየሳምንቱ የሚጽፍ ሰው ፍጻሜውን ስለማያውቅ ከሩቅ ንግር ሊጥል አይችልም ይባላል። ችግሩ እውነት ነው። ይሁንና ደራሲው ፍጻሜውን ማወቅ አይጠበቅበትም፤ ማን ለማን ምን ዕዳ እንዳለበት ማወቅ ይበቃዋል። የተገቡ ቃሎችን፣ የተደበቁ ነገሮችንና የተሰጡ አደራዎችን በማስታወሻ ይዞ፣ ጥቂት ምዕራፎች አስቀድሞ ጽፎ ቢጀምር፣ መዝጊያ ሲቸግረው አዲስ አደጋ ከመፈልሰፍ ይልቅ ማስታወሻውን ገልጦ የትኛው ዕዳ ቀኑ እንደደረሰ ያያል። ሁሉም መዝጊያ እኩል መክበድም የለበትም። ከእንግዳዋ ጥያቄ ቀጥሎ ያለው ምዕራፍ ልጁ ዝም ብሎ የግድግዳውን ልስን በመዳፉ ሲነካ ቢያልቅ፣ ሠርጉ ይቀር ይሆን የሚለው ትንሽ ጥያቄ ለዚያ ሳምንት ይበቃል።