ነፍሰ ጡር እናት በእርግዝናዋ ወቅት ምን ያህል ኪሎ መጨመር አለባት?

በአሶሳ ከተማ በሚገኝ ጤና ጣቢያም ሆነ በገጠር ቀበሌ ጤና ኬላ፣ ነፍሰ ጡር እናት ለክትትል በመጣች ቁጥር በቅድሚያ ሚዛን ላይ ትወጣለች። ባለሙያዋ ቁጥሩን በካርዱ ላይ ታሰፍራለች፤ እናቲቱም ብዙውን ጊዜ ትርጉሙን ሳትጠይቅ ትመለሳለች። ይሁን እንጂ ያ ቁጥር ብቻውን የሚናገረው ነገር ጥቂት ነው። ትርጉም የሚኖረው እናቲቱ እርግዝናውን በጀመረችበት ጊዜ ከነበራት የሰውነት አቋም ጋር ሲመዛዘን ነው። በ9 ወር ውስጥ 12 ኪሎ የጨመረች አንዲት እናት በቂ አልጨመረችም ሊባል ይችላል፤ ሌላዋ ደግሞ በዚያው 12 ኪሎ ከሚገባው በላይ ጨምራለች ሊባል ይችላል።

መነሻው፦ ክብደት ከቁመት ጋር

ክብደትን ከቁመት ጋር የሚያመዛዝነው ልኬት ቢኤምአይ በመባል ይታወቃል። የሚሰላውም ክብደትን በኪሎ ወስዶ፣ በሜትር የተለካው ቁመት በራሱ ተባዝቶ ለሚገኘው ውጤት በማካፈል ነው።

ቢኤምአይ = ክብደት ÷ (ቁመት × ቁመት)

ውጤቱ ከ18.5 በታች ሲሆን እናቲቱ ቀጭን፣ ከ18.5 እስከ 24.9 ሲሆን መደበኛ፣ ከ25 እስከ 29.9 ሲሆን ከመጠን በላይ ክብደት ያላት፣ 30 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ደግሞ ከፍተኛ ውፍረት ያለባት ተብላ ትመደባለች። ለስሌቱ የሚወሰደው ከእርግዝና በፊት የነበረው ክብደት ነው። ሆኖም በአብዛኛው የገጠር አካባቢ ከእርግዝና በፊት የምትመዘን ሴት ጥቂት በመሆኗ፣ ባለሙያዎች በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት የተመዘነውን ክብደት በመነሻነት ይጠቀማሉ። በእነዚያ ወራት የሚጨምረው ክብደት ከግማሽ ኪሎ እስከ 2 ኪሎ ብቻ ስለሆነ ስሌቱ ብዙም አይዛባም። የመጀመሪያው ክትትል ከ12ኛው ሳምንት በፊት እንዲሆን የሚመከርበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው፤ ሳምንቱ ካለፈ በኋላ የመነሻውን ክብደት መልሶ ማግኘት አይቻልም።

የጭማሪው መጠን በአራት ወገን

በብዙ አገሮች በሥራ ላይ የሚገኘው መለኪያ የአሜሪካ የሕክምና ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጣው ነው። አንድ ፅንስ ላረገዘች እናት የሚመከረው አጠቃላይ ጭማሪ እንደሚከተለው ነው።

- በቀጭንነት ለጀመረች፦ ከ12.5 እስከ 18 ኪሎ
- በመደበኛ ክብደት ለጀመረች፦ ከ11.5 እስከ 16 ኪሎ
- ከመጠን በላይ በሆነ ክብደት ለጀመረች፦ ከ7 እስከ 11.5 ኪሎ
- በከፍተኛ ውፍረት ለጀመረች፦ ከ5 እስከ 9 ኪሎ

ቀጭኗ እናት የበለጠ እንድትጨምር የሚፈለግበት ምክንያት ግልጽ ነው። በእርግዝና ወቅት የሚጨምረው ክብደት የፅንሱ ብቻ አይደለም። የእንግዴ ልጅ፣ የሽርት ውሃ፣ ያደገው ማህፀን፣ የበዛው ደምና በኋላ ለጡት ወተት የሚያገለግለው የስብ ክምችት ሁሉ ይደመሩበታል። በቀጭንነት የጀመረች እናት ከቀድሞ ያስቀመጠችው ክምችት ስለሌላት፣ የሚገባው ምግብ ካነሰ ጉዳቱ ቶሎ ወደ ፅንሱ ይደርሳል። ከ2.5 ኪሎ በታች የሚመዝን ሕፃን የመውለድና ያለጊዜው የመውለድ ዕድሏም ከፍ ይላል። በአንጻሩ በውፍረት የጀመረች እናት ክምችቱ በሰውነቷ ውስጥ አለ፤ ብዙ ስትጨምር የፅንሱ መግዘፍና በቀዶ ሕክምና የመውለድ ዕድል ይጨምራል።

እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆኑ ሴቶች 22 በመቶው ቀጭን መሆናቸውን አሳይቷል። ስለዚህ በሀገራችን በርካታ እናቶች እርግዝናን የሚጀምሩት ከፍ ያለ ጭማሪ ከሚያስፈልጋቸው ወገን ሆነው ነው።

የሳምንቱ ጭማሪ ይበልጥ ይናገራል

ጠቅላላው ጭማሪ የሚታወቀው በእርግዝናው መጨረሻ በመሆኑ፣ ችግርን በጊዜ ለማየት የሚረዳው የየሳምንቱ መጠን ነው። ከ13ኛው ሳምንት በኋላ ቀጭን እናት በሳምንት በግምት ግማሽ ኪሎ፣ በመደበኛ ክብደት የጀመረች 400 ግራም ገደማ፣ ከመጠን በላይ ክብደት ያላት 300 ግራም ገደማ፣ ከፍተኛ ውፍረት ያለባት ደግሞ 200 ግራም ገደማ እንድትጨምር ይጠበቃል። ሳምንቱ የሚቆጠረው የመጨረሻው የወር አበባ ከመጣበት የመጀመሪያ ቀን ጀምሮ ነው።

ለማስረዳት ያህል አንዲት በማሽላና በቦሎቄ እርሻ የምትተዳደር እናትን እንውሰድ። በ10ኛው ሳምንት ወደ ጤና ጣቢያ ስትመጣ 45 ኪሎ ትመዝናለች፤ ቁመቷም 1.58 ሜትር ነው። 1.58 በ1.58 ሲባዛ 2.496 ይሆናል፤ 45 ለዚህ ሲካፈል 18.0 ይመጣል። ይህ ከ18.5 በታች ስለሆነ እናቲቱ በቀጭንነት ትመደባለች፤ ግቧም ከ12.5 እስከ 18 ኪሎ መጨመር ነው።

በ20ኛው ሳምንት 49 ኪሎ ሆነች። 4 ኪሎ ጨምራለች፤ መልካም ነው። በ26ኛው ሳምንት ግን 50 ኪሎ ሆና ተገኘች። ከቀድሞው ክብደቷ ስለማያንስ በመጀመሪያ እይታ የሚያሳስብ ነገር አይመስልም። ሆኖም በ6 ሳምንታት ውስጥ የጨመረችው 1 ኪሎ ብቻ ሲሆን፣ ይጠበቅባት የነበረው 3 ኪሎ ገደማ ነው። ባለሙያዋ ምክንያቱን ጠየቀች። ጊዜው የአረም ወቅት በመሆኑ እናቲቱ ከማለዳ እስከ ማታ ማሳ ላይ ትውላለች፤ በቀን የምትበላው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ የጎተራው እህልም እያለቀ ነው። የወባ ምርመራ ተደረገላት፤ ደሟም ታየ። ከዚያም በቀን አንድ ተጨማሪ ምግብ እንድትበላ፣ የማሽላ ገንፎዋ ላይ የተፈጨ ለውዝ እንድትጨምር፣ ባለቤቷም በማሳው ሥራ እንዲያግዛት ተመከሩ።

በ30ኛው ሳምንት 52.2 ኪሎ ሆነች። በ4 ሳምንት 2.2 ኪሎ መጨመሯ ፍጥነቱ ወደ ተገቢው መመለሱን ያሳያል። እስከዚህ ድረስ በጠቅላላ የጨመረችው 7.2 ኪሎ በመሆኑ በዚህ ሳምንት ከሚጠበቀው ያንሳል። ነገር ግን ያመለጠውን በአንድ ጊዜ ለመሙላት መጣደፍ አያስፈልግም፤ ትክክለኛውን ፍጥነት እስከ መጨረሻው መጠበቅ ይበቃል።

በከተማ የምትኖር፣ ቁመቷ 1.60 ሜትር፣ መነሻ ክብደቷ 70 ኪሎ የሆነች ሌላ እናት ብትመጣ ግን ስሌቱ 27.3 ይሆናል። ለእሷ በ6 ሳምንት 1 ኪሎ ተኩል ገደማ መጨመር በቂ ነው፤ በጠቅላላውም ከ11.5 ኪሎ ማለፍ የለባትም። ክብደት ለመቀነስ ብላ ምግብ ማቆም ግን በእርግዝና ወቅት አይመከርም። ጣፋጭ መጠጥና የተጠበሰ ምግብ መቀነስ፣ በእግር መንቀሳቀስም ይበቃታል።

ልኬቱ የሚሳሳትባቸው ሁኔታዎች

ቁመት በግምት ከተጻፈ ምድቡ ይለወጣል። ከላይ የተጠቀሰችው 45 ኪሎ የምትመዝን እናት ቁመቷ 1.55 ተብሎ ቢጻፍ ስሌቱ 18.7 ስለሚሆን በስህተት መደበኛ ትባላለች። ስለዚህ ቁመት ያለ ጫማ፣ ተረከዝና ጀርባ ግድግዳ ነክቶ፣ የተቆነነ ፀጉር ወይም ሻሽ ሳይጨመርበት መለካት ይገባዋል። ሚዛንም ቢሆን ከመውጣት በፊት ዜሮ ላይ መቆሙ ይታያል። ነጠላ፣ ጋቢና ጫማ መውለቅ አለባቸው፤ ቢቻል ሁልጊዜ በአንድ ሚዛን መመዘን ይመረጣል።

ወደ ክትትል የመጣችው ዘግይታ ከሆነ፣ ለምሳሌ በ24ኛው ሳምንት፣ መነሻው ስለማይታወቅ ቢኤምአይ አያገለግልም። በዚህ ጊዜ የክንድ መሃል ዙሪያ በሜትር ይለካል፤ በእርግዝና ወቅት እምብዛም ስለማይለወጥ አስተማማኝ ነው። ከ23 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ እናቲቱ የምግብ እጥረት እንዳለባት ተቆጥራ ልዩ ክትትል ይደረግላታል። ከዚያን ቀን ጀምሮ የሚመዘገበው የየሳምንቱ ጭማሪም እንደተለመደው ይታያል። መንታ ያረገዘች እናት ከዚህ የበለጠ መጨመር ስለሚኖርባት ከላይ ያሉት ቁጥሮች አይመለከቷትም። ዕድገቷን ያልጨረሰች ወጣት እናትም በዚህ ስሌት ብቻ አትመደብም።

በድንገት መጨመር የስብ ምልክት አይደለም

በአንድ ሳምንት ውስጥ ከ1 ኪሎ በላይ መጨመር፣ በተለይም ከ20ኛው ሳምንት በኋላ፣ የመብላት ውጤት ላይሆን ይችላል። ፊትና እጅ ካበጡ፣ ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ ወይም ከጨጓራ በላይ ሕመም ካለ፣ በእርግዝና ምክንያት የሚመጣ የደም ግፊት ሊሆን ይችላል። ይህ ለእናትም ለፅንሱም አደገኛ ስለሆነ፣ ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል። በተቃራኒው ክብደት መቀነስ፣ በተለይ ከማያቋርጥ ትውከት ወይም ከትኩሳት ጋር ሲሆን፣ እንዲሁ በዚያው ቀን መታየት አለበት።

ምግብን ስለ መቀነስ

በተለያዩ የኢትዮጵያ አካባቢዎች ነፍሰ ጡር ሴት ልጁ ገዝፎ ምጡ እንዳይከብዳት በሚል ምግቧን የምትቀንስበት ልማድ አለ። ይህ ግን የሚያቀለው ምጡን አይደለም። ምጥ ላይ የምትደርሰው እናት አቅሟ የደከመ፣ የሚወለደውም ሕፃን ቀላል ክብደት ያለው ይሆናል። ቀጭን ለሆነች እናት የሚመከረው በቀን አንድ ተጨማሪ ምግብ ነው። በክልሉ ከሚመረቱት መካከል ለውዝ፣ ሰሊጥ፣ አኩሪ አተርና ቦሎቄ ከማሽላ ወይም ከበቆሎ ጋር ሲቀርቡ ኃይልንም ፕሮቲንንም ይሰጣሉ። አንድ እፍኝ ለውዝ ብቻውን ከተጨማሪው ምግብ ጉልህ ድርሻ ይይዛል። በወቅቱ የሚገኘው የአሶሳ ማንጎም ቪታሚን ይጨምራል፤ የእህሉንና የጥራጥሬውን ቦታ ግን ሊተካ አይችልም።

እናት በሚቀጥለው ክትትሏ ሦስት ነገሮችን ከባለሙያዋ መጠየቅ ትችላለች፦ መነሻዋ በየትኛው ምድብ ነው? ካለፈው ቀጠሮ ወዲህ ስንት ኪሎ ጨመረች? በዚያ ጊዜ ውስጥ ይጠበቅባት የነበረውስ ስንት ነው? የሦስቱ መልስ በካርዷ ላይ ከተጻፈ፣ የሚዛኑ ቁጥር ምን እያለ እንደሆነ እሷም ባለቤቷም ያውቃሉ።