ያለ ንግግር የሚተረክ የልጆች አኒሜሽን ድርሰት

ያለ ንግግር የሚተረክ የልጆች አኒሜሽን ድርሰት ታሪኩ በገጸ ባሕርያቱ አስቂኝ ድርጊት የሚተላለፍበት የአጭር ፊልም ጽሑፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የጀመረው የብሪታንያ ተከታታይ ፊልም «ሾን ዘ ሺፕ» የታወቀ ምሳሌ ነው። ለአዲስ አበባ የሚቀርበው ግን የአህያ፣ የውሻና የፍየል የታክሲ ተረት ነው።

ተረቱና አመጣጡ

ሦስቱ ታክሲ ይሳፈራሉ። አህያዋ ሂሳቧን ልክ ትከፍላለች፤ ውሻው ከፍሎ መልሱን ይከለከላል፤ ፍየሏ ሳትከፍል ታመልጣለች። ስለዚህ ዛሬም መኪና ሲመጣ አህያ አትነቃነቅም፣ ውሻ ያባርራል፣ ፍየል ትሸሻለች። አዲስ አበባ የተወለደው ሠዓሊ ዕዝራ ውቤ እ.ኤ.አ. በ2011 ይህንኑ ተረት «ሂሳብ» በሚል ርዕስ፣ ሥዕል እየቀባ ፎቶ በማንሳት ወደ አኒሜሽን ለውጦታል። ርዕሱ የታክሲ ረዳት ክፍያ ሲሰበስብ የሚጠራው ቃል ነው።

ተረቱ የከተማዋ ሀብት ተደርጎ ቢነገርም ተመሳሳዩ በምዕራብ አፍሪካም ይተረካል፤ ስለዚህ መነሻውን ለአንድ ከተማ መስጠት ያስቸግራል። መኪና አዲስ አበባ የገባው በዐፄ ምኒልክ ዘመን በመሆኑ፣ ተረቱ አሁን ባለው መልኩ ከዚያ ሊቀድም አይችልም። ያልተከፈለ ዕዳ የእንስሳትን ጠባይ ያስረዳል የሚለው ሐሳብ ግን ምናልባት ከመኪናው ይቀድም ይሆናል።

አጻጻፍ

ድርሰቱ የሚሣለውን ብቻ ይጽፋል። «ውሻው ተበደለ» የሚለው ሊሣል አይችልም፤ «ውሻው መዳፉን ዘርግቶ ይቆማል፤ በሩ ይዘጋል» የሚለው ግን ይሣላል። ከባዱ ነገር «መልስ» ነው፤ ትንሽ ልጅ የገንዘብ ሂሳብ ላያውቅ ይችላል። መፍትሔው አህያዋ አንዲት ሳንቲም፣ ውሻው ደግሞ ፊቱን የሚሸፍን ትልቅ ብር እንዲሰጡ ማድረግ ነው። ሦስቱም ክፍያ ከአንድ አቅጣጫ ከታየ ልዩነቱ ያለ ቃል ይታያል።

ትዕይንቱን ለምሳሌ ቸርችል ጎዳና ላይ እናድርገው። ታክሲው ቁልቁል ሲወርድ አህያዋ ማዘጋጃ ቤት፣ ውሻው ቴዎድሮስ አደባባይ፣ ፍየሏ ፖስታ ቤት ጋ ይወርዳሉ። ሲመለስ ዳገቱ ያዘገየዋል፤ ተሳፋሪዎቹንም በተገላቢጦሽ ያገኛቸዋል። መጀመሪያ ፍየሏ ትሸሻለች፤ ቀጥሎ ውሻው ይከተላል፤ ላይ ሲደርስ አህያዋ ዕዳ ስለሌለባት መንገዱ መሐል ቆማለች። ታክሲው ይቆማል፣ ውሻው ይደርሳል፣ መዳፉን እንደገና ይዘረጋል። መጨረሻው የሚያስቀው መጀመሪያ ላይ የተዘረጋው መዳፍ በደንብ ከታየ ነው። በሰከንድ 24 ፍሬም በሚሠራ ፊልም በሩ ከመዘጋቱ በፊት መዳፉን 24 ፍሬም ያህል ማቆየት ለዓይን ጊዜ ይሰጣል።

መፈተሻ

ስቶሪቦርዱ ያለ ድምፅ ለልጆች ይታይና ታሪኩን እንዲተርኩ ይጠየቃሉ። «ውሻው መኪና አይወድም» ካሉ የክፍያው ትዕይንት አልታያቸውም፤ መስተካከል ያለበት መጨረሻው ሳይሆን እሱ ነው። «ብሩን አልመለሱለትም» ካሉ ድርሰቱ ሠርቷል።

ድምፅ

የጥሩምባ፣ የበርና የእንስሳት ድምፅ ይፈቀዳል፤ ታሪኩ ግን ያለ እነሱም ግልጽ መሆን አለበት።