ቋሚ የክፍያ ትዕዛዝ እና ቀጥታ ተቀናሽ

የቤት ኪራይንና የአገልግሎት ሂሳብን ባንክ በየወሩ እንዲከፍል ማድረጊያ ሁለት መንገዶች። በቋሚ ትዕዛዝ መጠኑንና ቀኑን የሚወስነው ከፋዩ ነው፤ በቀጥታ ተቀናሽ ግን ከፋዩ ፈቃድ ይሰጣል፣ በየጊዜው የሚወሰደውን መጠን የሚያሳውቀው ተቀባዩ ድርጅት ነው። ስለዚህ ቋሚ ትዕዛዝ ለኪራይ፣ ቀጥታ ተቀናሽ በየወሩ ለሚለዋወጥ የውሃ ሂሳብ ይስማማል። በካርድ ለሚሞላ የመብራት ቆጣሪ ሁለቱም እምብዛም አይጠቅሙም።

አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የመኖሪያ ቤት ኪራይ በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲከፈል ያዛል። በቋሚ ትዕዛዝ ሲከፈል ችግሩ የቀን አቆጣጠር ነው። አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ውስጥ ወር በገባ በ1 ቀን 4,000 ብር የሚከፍል ተከራይ እናስብ። ትዕዛዙ በፈረንጆች አቆጣጠር በየወሩ በ10 እንዲፈጸም ከተሞላ፣ በአብዛኞቹ ዓመታት በኅዳርና በታኅሣሥ ልክ በ1 ይደርሳል። ነሐሴ 1 ግን በፈረንጆቹ ኦገስት 7 ስለሚውል ኪራዩ ሦስት ቀን ይዘገያል። በ7 ቢሞላ ግን በማንኛውም ወር አይዘገይም፤ ቢበዛ ጥቂት ቀን ይቀድማል። ጳጉሜንም ተጨማሪ ክፍያ አታስከትልም።

በዕለቱ ሂሳቡ ውስጥ በቂ ገንዘብ ከሌለ ክፍያው አይፈጸምም። ደመወዝ የዘገየበት ተከራይ የባንኩን አጭር መልእክት ማየት አለበት፤ አከራዩ እስኪደውል መጠበቅ አያዋጣም። ኪራይ ሲጨምርም ትዕዛዙን የሚያስተካክለው ራሱ ተከራዩ ነው።