ደመወዝ፣ አበልና የትርፍ ሰዓት ክፍያ ያለው ሠራተኛ የሥራ ግብርና የተጣራ ክፍያ አሰላል

በወልቂጤና በቡታጅራ ከተሞች በሚገኙ የግል ድርጅቶች የሚሠሩ ሠራተኞች በወር መጨረሻ የሚከፈላቸው ገንዘብ የሚሰላው በሦስት ሕጎች መሠረት ነው። የትርፍ ሰዓት ክፍያ በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011፣ የጡረታ መዋጮ በግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 1268/2014፣ ግብሩ ደግሞ በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008ና በማሻሻያው አዋጅ ቁጥር 1395/2017 ይመራል። ሦስቱ ስሌቶች የሚነሡበት የገንዘብ መጠን የተለያየ ሲሆን፣ በደመወዝ መክፈያ ሰነድ ላይ የሚታየው ስህተት በአብዛኛው የሚመነጨው አንዱን መነሻ ከሌላው ከማደባለቅ ነው።

ለአብነት ያህል በቡታጅራ በአንድ የግል ድርጅት የሚሠራና የወር ደመወዙ 8,320 ብር የሆነ ሠራተኛ ይወሰድ። ሠራተኛው 1,000 ብር የቤት አበልና 600 ብር የትራንስፖርት አበል ያገኛል። በወሩ ውስጥ በሥራ ቀናት 10 ሰዓት፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን ደግሞ 5 ሰዓት ትርፍ ሠርቷል።

የመጀመሪያው ሥራ የአንድ ሰዓት ክፍያን ማግኘት ነው። በሳምንት 48 ሰዓት ለሚሠራ ሠራተኛ 48 በ52 ሳምንታት ተባዝቶ ለ12 ወራት ሲካፈል 208 ሰዓት ይሆናል። 8,320 ብር ለ208 ሲካፈል 40 ብር ይመጣል። ይህ ስሌት በደመወዙ ላይ ብቻ የሚሠራ ሲሆን አበል አይጨመርበትም።

በአዋጁ መሠረት ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ለሚሠራ ትርፍ ሥራ የሰዓቱ ክፍያ በ1.5፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት በ1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን በ2፣ በሕዝብ በዓል ቀን በ2.5 ይባዛል። ትርፍ ሥራ በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት መብለጥ የለበትም። በምሳሌው የተጠቀሰው ሠራተኛ በሥራ ቀናት የሠራው በቀኑ ክልል በመሆኑ 10 ሰዓት በ60 ብር 600 ብር፣ የዕረፍት ቀኑ 5 ሰዓት በ80 ብር 400 ብር፣ በድምሩ 1,000 ብር ያስገኝለታል።

ቀጥሎ ግብር የሚከፈልበት ገቢ ይለያል። ደመወዙ፣ በገንዘብ የሚከፈለው የቤት አበልና የትርፍ ሰዓቱ ክፍያ ሙሉ በሙሉ ግብር ይከፈልባቸዋል። የትራንስፖርት አበል በመመሪያ እስከተወሰነው ጣሪያ ድረስ ነፃ ሲሆን፣ በዚህ ምሳሌ 600 ብሩ ከጣሪያው እንዳላለፈ ተወስዷል። ስለዚህ ግብር የሚከፈልበት ገቢ 10,320 ብር ነው።

ከሐምሌ 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በሚሠራበት ሠንጠረዥ እስከ 2,000 ብር ያለው የወር ገቢ ግብር የለበትም። ከዚያ በላይ ያለው እንደሚከተለው ይሰላል።

- እስከ 4,000 ብር፦ 15 በመቶ፣ ተቀናሽ 300
- እስከ 7,000 ብር፦ 20 በመቶ፣ ተቀናሽ 500
- እስከ 10,000 ብር፦ 25 በመቶ፣ ተቀናሽ 850
- እስከ 14,000 ብር፦ 30 በመቶ፣ ተቀናሽ 1,350
- ከ14,000 ብር በላይ፦ 35 በመቶ፣ ተቀናሽ 2,050

የ10,320 ብር 30 በመቶ 3,096 ብር ነው፤ 1,350 ሲቀነስለት ግብሩ 1,746 ብር ይሆናል። የጡረታ መዋጮው የደመወዙ ብቻ 7 በመቶ፣ ማለትም 582 ብር ከ40 ሳንቲም ነው። አሠሪው ከራሱ የሚከፍለው 11 በመቶ ከሠራተኛው አይቀነስም። የሠራተኛው መዋጮም ግብሩ ከመሰላቱ በፊት ከገቢው ላይ አይነሣም። ጠቅላላ ክፍያው 10,920 ብር በመሆኑ፣ ግብሩና መዋጮው ሲቀነሱ የተጣራው 8,591 ብር ከ60 ሳንቲም ይሆናል።

ትርፍ ሰዓት ባይሠራ ኖሮ ገቢው 9,320 ብር፣ ግብሩም 1,480 ብር ይሆን ነበር። የትርፍ ሰዓቱ 1,000 ብር ግብሩን በ266 ብር ከፍ ስላደረገው ሠራተኛው 734 ብር በእጁ ያስገባል። ወደ 30 በመቶ የተሸጋገረው ከ10,000 በላይ ያለው 320 ብር ብቻ በመሆኑ፣ ትርፍ ሰዓት መሥራት የተጣራ ክፍያን ይቀንሳል የሚለው ሥጋት መሠረት የለውም።

መክፈያ ሰነድ የሚመረምር ባለሙያ በተለይ ሦስት ምልክቶችን ሊያይ ይገባል። የትርፍ ሰዓት ክፍያ በተለየ ሰነድ ከተከፈለና ግብር ካልተነሣለት፣ 1,000 ብሩ ከ2,000 በታች ተደርጎ ተቆጥሯል፤ በዚህም 266 ብር ሳይቀነስ ቀርቷል። ለዚህም ግብሩን ቀንሶ የማስቀረት ግዴታ ያለበት አሠሪ ተጠያቂ ይሆናል። በ30 በመቶው መስመር ላይ ተቀናሹ 955 ሆኖ ከተገኘ፣ ሰነዱ አሁንም በ2008ቱ ሠንጠረዥ ላይ ነው፤ በዚያ ስሌት ግብሩ 2,141 ብር ስለሚሆን ሠራተኛው 395 ብር ያላግባብ ይቀነስበታል። የጡረታ መዋጮው 764 ብር ከ40 ሳንቲም ከሆነ ደግሞ መዋጮው ከጠቅላላ ክፍያው ላይ ተሰልቷል፤ ሠራተኛው 182 ብር ያጣል።

የመንግሥት ሠራተኞች የትርፍ ሰዓት ጉዳይ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ሳይሆን በራሳቸው ሕግ ይታያል። ግብሩ የሚገባበት ቋትም እንዲሁ ይለያል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 96ና 97 መሠረት የፌዴራል ተቋም የሆነው የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ሠራተኞች ግብር ለፌዴራል መንግሥት፣ የክልል መሥሪያ ቤቶችና የግል ድርጅቶች ሠራተኞች ግብር ግን ለክልሉ ገቢ ይደረጋል።