ከውጭ አገር የተላከ ጥቅል ሲጠፋ ወይም ሲጎዳ የካሳ ጥያቄውን የሚያቀርበው ማን ነው?

በሮቤ ወይም በጎባ ፖስታ ቤት ከውጭ አገር የተላከለትን ጥቅል የሚጠባበቅ ተገልጋይ ዕቃው ሲጠፋበት ወይም ተጎድቶ ሲደርሰው አስቀድሞ የሚያመለክተው በአቅራቢያው ለሚገኘው ፖስታ ቤት ነው። ሆኖም በዓለም የፖስታ ኅብረት ስምምነት መሠረት ካሳውን የመክፈል ግዴታ ያለበት ዕቃውን በመጀመሪያ የተረከበው የላኪው አገር የፖስታ ድርጅት ሲሆን፣ ካሳውን የመጠየቅ መብትም በመርህ ደረጃ የላኪው ነው። ላኪው ይህን መብቱን በጽሑፍ ለተቀባዩ ካስተላለፈ ግን ተቀባዩ ካሳውን መቀበል ይችላል። ኢትዮጵያም የኅብረቱ አባል እንደመሆኗ ሥርዓቱ በባሌ በሚገኙ ፖስታ ቤቶች ለሚደርሱ ጥቅሎችም ይሠራል።

ይህ ማለት ግን ተቀባዩ የሚጠበቅበት ነገር የለም ማለት አይደለም። ዕቃው ጨርሶ ካልደረሰ የተቀባዩ ድርሻ ለላኪው ሳይዘገይ ማሳወቅ ነው። ዕቃው ተጎድቶ ወይም ጎድሎ ከደረሰ ግን ዋናውን ማስረጃ ማስመዝገብ የሚችለው በርክክቡ ቦታ የሚገኘው ተቀባይ ብቻ ነው። ጥቅሉን ያለ ምንም ተቃውሞ ፈርሞ ከተረከበ የፖስታ ድርጅቱ ኃላፊነት በአብዛኛው በዚያው ያበቃል።

አንድ ምሳሌ እንመልከት። በስዊድን የምትኖር እህት በጎባ ለሚኖር ወንድሟ ጃኬት፣ ጫማና የደም ግፊት መለኪያ የያዘ ጥቅል እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 21 ቀን 2025 ላከች እንበል። በጉምሩክ መግለጫው ላይ የተጻፈው ክብደት 4.2 ኪሎ ግራም ነው። ወንድም የጥሪ ወረቀቱንና መታወቂያውን ይዞ ፖስታ ቤት ሲቀርብ የካርቶኑ አንድ ማዕዘን ተቀዶ በሌላ ፕላስተር ታሽጎ ያገኘዋል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ጉምሩክ ለፍተሻ ከፍቶ መልሶ የሚያሽጋቸው ጥቅሎች ስላሉ ፕላስተሩ ብቻውን የስርቆት ማስረጃ አይሆንም። ወንድም ከመፈረሙ በፊት ጥቅሉ በፊቱ እንዲመዘን ይጠይቃል፤ 3.1 ኪሎ ግራም ሆኖ ይገኛል። በሠራተኛው ፊት ሲከፈትም ጫማውና መለኪያው የሉም። በዚህ ጊዜ ክብደቱን፣ የጎደሉትን ዕቃዎችና የማሸጊያውን ሁኔታ የሚገልጽ ጽሑፍ ተዘጋጅቶ በሠራተኛውና በተቀባዩ ይፈረማል፤ ተቀባዩም ቅጂ ይወስዳል። ካርቶኑንና ፕላስተሩን ጉዳዩ እስኪዘጋ ድረስ መጣል አይገባም።

ቀጥሎ ወንድም የጽሑፉን ቅጂና የካርቶኑን ፎቶግራፍ ለእህቱ ይልካል። የካሳ ጥያቄውን የምታቀርበው እህት ናት፤ የምትጠቅሰውም በደረሰኙ ላይ የሚገኘውን 13 ፊደላትና አኃዞች የያዘ የመከታተያ ቁጥር ነው። ቁጥሩ በሁለት ፊደላት ይጀምርና የላኪውን አገር በሚያመለክቱ ሁለት ፊደላት ያበቃል፤ ከስዊድን የተላከ ከሆነ መጨረሻው SE ነው። ዋጋውን ለማረጋገጥ የጫማውንና የመለኪያውን የግዢ ደረሰኝ ታያይዛለች።

ማመልከቻው ተቀባይነት የሚኖረው ዕቃው ከተላከበት ቀን ማግስት ጀምሮ በሚቆጠር 6 ወር ውስጥ ነው። በምሳሌያችን የመጨረሻው ቀን እ.ኤ.አ. ጁላይ 21 ቀን 2025፣ ማለትም ሐምሌ 14 ቀን 2017 ዓ.ም. ይሆናል። ጥቅሉ ዘግይቶ ጎባ መድረሱ ይህን ጊዜ አያራዝመውም። «ምናልባት ይመጣል» እያሉ ወራት ማሳለፍ መብትን የሚያሳጣው በዚህ ምክንያት ነው።

የሚከፈለው ካሳ በስምምነቱ ከተወሰነው ጣሪያ ሳያልፍ በጎደሉት ዕቃዎች ትክክለኛ ዋጋ ልክ ነው። ከፍ ያለ ዋጋ ያለው ዕቃ ሲላክ ዋጋው ተገልጾ ኢንሹራንስ ካልተገባለት ልዩነቱን የሚሸፍን አይኖርም። ጥቅሉ ሙሉ በሙሉ ከጠፋ የመላኪያ ክፍያውም ይመለሳል፤ የኢንሹራንስ ክፍያው ግን አይመለስም። ወንድም ከጎባ ሮቤ ሲመላለስ ያወጣው የትራንስፖርት ወጪ ወይም ሥራ ፈትቶ ያጣው ገቢ አይታሰብም። ጉምሩክ የወረሰው ዕቃ፣ እንዳይላክ የተከለከለ ዕቃ፣ እንዲሁም ላኪው በአግባቡ ባለማሸጉ የተሰበረ ዕቃም ካሳ አይከፈልበትም። ሳይመዘገብ በተራ ፖስታ የተላከ ደብዳቤ ከጠፋም እንደዚሁ ነው።

በግል የመልእክት አድራሽ ድርጅቶች የተላከ ዕቃ የሚገዛው በፖስታ ስምምነቱ ሳይሆን በማጓጓዣ ሰነዱ ላይ በሠፈረው ውል ነው። ውሉን የፈረመው በአብዛኛው ላኪው ስለሆነ ጥያቄውንም የሚያቀርበው እርሱ ነው፤ የጊዜ ገደቡም ከ6 ወር በእጅጉ ሊያንስ ይችላል። በአውሮፕላን የተጓጓዘ ዕቃ ተጎድቶ ከተገኘ ግን ኢትዮጵያ አባል የሆነችበት የሞንትሪያል ስምምነት ዕቃውን የተረከበው ሰው ከተረከበ በ14 ቀናት ውስጥ ቅሬታውን በጽሑፍ እንዲያቀርብ ያዛል። ስለዚህ ተቀባዩ የላኪውን ማመልከቻ ሳይጠብቅ የራሱን የጽሑፍ ቅሬታ ዕቃውን ላስረከበው ቅርንጫፍ ያስገባል፤ ቅጂው ላይም የተቀበሉበትን ቀንና ማኅተም ያስመታል።