የእጅ መስቀል ዕድሜ በምን ይታወቃል

በዋግ አውራጃ፥ ከሰቆጣ አጠገብ ካለው ከውቅር መስቀለ ክርስቶስ አንሥቶ በተከዜ በኩል እስካለው እስከ ጽጽቃ ድረስ፥ በየደብሩ ዕቃ ቤት የእጅ መስቀል ይገኛል። ከነዚህም ስለ አንዳንዱ «የጥንት ነው» ይባላል፤ ጥንትነቱ በምን እንደሚታወቅ ግን የሚጠየቅ ጥቂት ነው። ጥያቄውም የከንቱ አይደለም። ከዋግ ጋር በምትዋሰነው በላስታ፥ አፍሮ አይገባ የተባለው የላሊበላ መስቀል እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1997 ተሰርቆ እስከ ቤልጅግ አገር ከተጓዘ በኋላ በ2001 ተመልሷል። ያ ታላቅ መስቀል በአገሩ ኹሉ የታወቀ ስለ ነበረ ማንነቱ አላጠራጠረም። የአንዲት ደብር የእጅ መስቀል ግን በሌላ ቢለወጥ፥ ከራሱ ከመስቀሉ በቀር የሚመሰክርለት የለም። ስለዚህ መስቀሉን መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ምስክሮቹም ሦስት ናቸው፤ ማዕድኑ፥ ቅርጹና የአገልግሎቱ ምልክት።

ከማዕድኑ እንጀምር። የቀድሞው የእጅ መስቀል ከእንጨት፥ ከብረት፥ ከመዳብና ከነሐስ፥ ከብርም ይሠራ ነበር። ብረቱን ቀጥቃጩ በእሳት አግሎ፥ ቀጥቅጦና በስቶ ያወጣዋል፤ ነሐሱንና ብሩን ግን አንጥረኛው አስቀድሞ ከሰም ቀርጾ፥ ሰሙን በጭቃ ሸፍኖ፥ በእሳት አቅልጦ ካፈሰሰው በኋላ በባዶው ስፍራ የቀለጠውን ማዕድን ያፈስበታል። መስቀሉን ለማውጣት ጭቃው ይሰበራልና አንድ ቅርጽ ኹለት ጊዜ አይወልድም። ይኽን ነገር አንባቢ ያስታውሰው፤ ኋላ ይጠቅመናል።

ብር በዋግ ምድር የሚገኘው ከመሬት ተቆፍሮ አይደለም፤ በንግድ ነው እንጂ። ሰቆጣ የአሞሌ ጨው ገበያ ስለ ነበረች ጠገራ ብር ከነጋዴው ጋራ ይገባባት ነበር። የማርያ ቴሬዛ ብር መመታት የጀመረው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1741 ነው፤ ንግሥቲቱ በ1780 ከሞተች በኋላም ያው 1780 የሚለው ዓመት ሳይለወጥ ሲመታ ኖሯል። አንዱ ብር 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከ1000 እጁ 833ቱ ጥሩ ብር ነው፤ የቀረው መዳብ ነው። ከዚህ ገንዘብ ቀልጦ የተሠራ መስቀል ከገንዘቡ ሊቀድም አይችልም። ስንት ዘመን እንደ ቈየ ግን ማዕድኑ ብቻውን አይናገርም፤ በ1780 የተጻፈው ብር ከመቶ ዓመት በኋላም አዲስ ይመታ ነበርና።

ዛሬ ብዙ ጊዜ የሚያሳስተው ብር የሚመስለው፥ ኒኬል የተቀላቀለበት ነጭ መዳብ ነው። ማግኔት ብረቱን ይለያል፤ ብርንና ነጩን መዳብ ግን አይለይም፤ ኹለቱም አይሳቡለትምና። እነዚህን የሚለይ ውኃና ሚዛን ነው። መስቀሉን በአየር መዝኖ፥ ቀጥሎም በክር አንጠልጥሎ ውኃ ውስጥ እንደ ተዘፈቀ መመዘን ነው። ክብደቱ 165 ግራም የኾነ መስቀል ከጠገራ ብር የተሠራ እንደ ኾነ በውኃ ውስጥ 16 ግራም ያህል ይጐድልበታል፤ ከነጭ መዳብ እንደ ኾነ ግን 19 ግራም ያህል ይጐድልበታል። ይኽ ፈተና ብሩን ከብር መሳዩ ይለያል እንጂ የብሩን ጥራት በትክክል አይናገርም።

ኹለተኛው ምስክር ቅርጹ ነው። በ15ኛው መቶ ዓመት ሥዕሎች ቅዱሳን የእጅ መስቀል ይዘው ይታያሉ፤ ስለዚህ ሥዕሉን ከመስቀሉ ጋራ ማስተያየት ይቻላል። ነገር ግን አንጥረኛ ከአባቱ የተማረውን ቅርጽ ለልጁ ያስተምራል፤ ደብርም የተሰበረው መስቀሏ እንደ ቀድሞው ኾኖ እንዲሠራላት ትፈልጋለች። ስለዚህ የ15ኛው መቶ ዓመት ቅርጽ በ19ኛው መቶ ዓመት ብር ተሠርቶ ሊገኝ ይችላል። ቅርጽ የመስቀሉን ዘር ይናገራል፤ የልደቱን ቀን ግን አይናገርም። በእጀታው ላይ «ዝ መስቀል ዘ...» ብሎ የጀመረ ጽሕፈት ቢገኝም፥ ጽሕፈቱ ከመስቀሉ ጋራ አብሮ የተቀረጸ ወይም ኋላ የተጨመረ መኾኑን መመርመር ይገባል። ፊደሉ ካረጀው ገጽ ይልቅ ጠርዙ የተሳለ ከኾነ፥ ጽሕፈቱ ኋላ መጥቷል።

ሦስተኛው ምስክር የአገልግሎት ምልክት ነው፤ ከኹሉም ይልቅ የሚታመን እርሱ ነው። ካህኑ መስቀሉን በቀኝ እጁ ይዞ የምእመኑን ግንባር ይነካል፤ ምእመኑም ይሳለመዋል። ከንፈር ብረትን አይፍቅም፤ የሚፍቀው የካህኑ መዳፍ፥ የሚጠቀለልበት ጨርቅና ለመጥረግ የሚታሸው እጅ ነው። ስለዚህ እውነተኛው መላላጥ በኹሉም ስፍራ አይተካከልም። አውራ ጣት የሚያርፍበት የእጀታው ገጽ ይጐደጕዳል፤ ከፍ ያለው የገጹ ክፍልና የክንፎቹ ጫፍ ይለሰልሳል፤ ወደ ሕዝቡ የሚዞረውም ፊት ከጀርባው ይልቅ ይፈተጋል። የቀዳዳዎቹ ውስጥና የክንፎቹ ማዕዘን ግን እጅ አይደርስባቸውምና ጠርዛቸው ስለት እንደ ኾነ ይቀራል፤ የዕጣንም ጥቁረት እዚያ ይቀመጣል። እጅ በማይደርስበት ስፍራ ኹሉ መስቀሉ ለስልሶ ቢገኝ፥ ያለሰለሰው ሞረድ ነው። በአጉሊ መነጽር ሲታይም የሞረድ መስመር ጐን ለጐን ተሰልፎ ይታያል፤ የዘመን ፍትግ ግን ወዲያና ወዲህ የተበተነ ነው።

ለምሳሌ የቀደመውን የ165 ግራም መስቀል በሦስቱ ምስክሮች እንመርምር። በውኃ 16 ግራም ጐደለበት፤ ስለዚህ ብር ነው። ስድስት ጠገራ ብር 168 ግራም ይኾናል፤ የጐደለው 3 ግራም በማቅለጥና በሞረድ የወጣ ሊኾን ይችላል። በፊቱ የተቀረጸችው የእመቤታችን ሥዕል ፊቷ ለስልሶ ጠፍቷል፤ በጀርባው ያለው ቅርጽ ግን ጥርት ብሎ ይነበባል። ቀኝ ክንፉ ተሰብሮ በመዳብ ተበይዷል፤ መላላጡም ሳይቋረጥ በብየዳው ላይ ያልፋል። እንግዲህ መስቀሉ ከተሰበረና ከተጠገነ በኋላም ብዙ ዘመን አገልግሏል ማለት ነው። ብየዳው ሸካራ፥ ዙሪያው ለስላሳ ቢኾን ኖሮ ግን ጥገናው የቅርብ ነበር። ስለዚህ ከጠገራ ብር በኋላ የተወለደ፥ አንድ ጊዜ የተሰበረ፥ በብዙ እጅ ያለፈ መስቀል ነው ማለት ይቻላል፤ ከዚህ የበለጠ ዘመን መጨመር ግን ከማስረጃ ውጭ ነው።

የዚህ መስቀል ቅጂ በገበያ ቢገኝስ? እዚህ ላይ የሰሙ ነገር ይጠቅማል። የጥንቱ አንጥረኛ ቅርጹን ስለሚሰብር ኹለት መስቀሎች በጕድለታቸው እንኳ አይመሳሰሉም። የተጐደጐደው እጀታና የተበየደው ክንፍ በኹለተኛው መስቀል ላይ በዚያው ስፍራ ቢታይ፥ ኹለተኛው ከፊተኛው በማተሚያ የተገለበጠ ነው። ሲቀዘቅዝ ማዕድን ይኰማተራልና ቅጂው ከእናቱ ጥቂት ያጥራል፤ የቀዳዳውም ጠርዝ ደብዛዛ ይኾናል፤ ብየዳውም በቀለም ያልተለየ፥ ከገላው ጋራ አንድ ማዕድን ነው።

ነገር ግን ማጠሩ የሚታወቀው የፊተኛው ርዝመት ተለክቶ የተጻፈ እንደ ኾነ ነው። ስለዚህ በየደብሩ ገበዙ የመስቀሉን ርዝመትና ክብደት፥ ስንጥቁንና ብየዳውን በመዝገብ ቢጽፍ፥ ፊቱንና ጀርባውንም በፎቶግራፍ ቢያስነሣ፥ ሌባ መስቀሉን በሌላ ቢለውጠው እንኳ ሚዛንና መለኪያ ያጋልጡታል። ከዚህ ሥራ በፊት መስቀሉን በአመድም በሎሚም አሽቶ ማንጻት አይገባም፤ በማዕዘኑ ያለው ጥቁረት አንድ ጊዜ ከታጠበ የዘመኑ ምስክር አብሮ ይታጠባልና።