የመጽሐፍ ቅዱስ ንባብና የጸሎት መተግበሪያ

የመጽሐፍ ቅዱስ ንባብና የጸሎት መተግበሪያ ቅዱሳት መጻሕፍትንና የጸሎት መጻሕፍትን በእጅ ስልክ ለማንበብ የሚያገለግል ፕሮግራም ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሦስት አገልግሎቶችን ያጣምራል፦ ያለ ኢንተርኔት የሚነበብ ጽሑፍ፣ የተፈለገውን ቦታ የሚይዝ ዕልባት እና በተመረጠ ሰዓት የሚመጣ የዕለት ማሳሰቢያ። በአማርኛና በግዕዝ መተግበሪያዎች ላይ የፊደላት አጻጻፍ፣ የመዝሙር ቁጥርና የሰዓት አቆጣጠር ልዩነት እነዚህን አገልግሎቶች በቀጥታ ይነካቸዋል።

## ያለ ኢንተርኔት የሚነበብ ጽሑፍ

የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ሥርዓት ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። በተለመደው የዩኒኮድ አቀማመጥ አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። ስለዚህ አንድ ሚሊዮን ፊደላት ያሉት መጽሐፍ ሦስት ሜጋባይት ያህል ቦታ ብቻ ይወስዳል፤ ይህም በስልክ ከተነሣ አንድ ፎቶግራፍ ብዙም አይበልጥም።

አንዳንድ የጸሎት መተግበሪያዎች ግን ገጾቹን በምስል መልክ ይይዛሉ። እነዚህ ብዙ ቦታ ይወስዳሉ፤ ቃል መፈለግም አይቻልባቸውም። ሌሎች ደግሞ ቀደም ሲል የተከፈቱትን ምዕራፎች ብቻ ያስቀራሉ። ይህን ለማረጋገጥ የስልኩን ኔትወርክ ዘግቶ ከዚህ በፊት ያልተከፈተ ምዕራፍ መክፈት ይበቃል።

በጽሑፍ መልክ በተቀመጠ መጽሐፍም ቢሆን ፍለጋ ሊሳሳት ይችላል። «ጸሎት» እና «ፀሎት» ለአንባቢ አንድ ቃል ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን የተለያዩ ናቸው። ጥሩ መተግበሪያ ከመፈለጉ በፊት ሀ፣ ሐ እና ኀን፣ ሰ እና ሠን፣ አ እና ዐን፣ ጸ እና ፀን እንደ አንድ ይቆጥራል፤ የመጽሐፉን አጻጻፍ ግን አይለውጥም።

## ዕልባትና የመዝሙር ቁጥር

ዕልባት በገጽ ቁጥር ከተያዘ የፊደሉ መጠን ሲጨምር ቦታው ይዛባል። ስለዚህ መያዝ ያለበት በመጽሐፍ፣ በምዕራፍና በቁጥር ነው። በመዝሙረ ዳዊት ግን ይህም ብቻውን አይበቃም፤ ምክንያቱም ሁለት የአቆጣጠር ሥርዓቶች አሉ። የግዕዙ መዝሙር የሰብዓ ሊቃናትን ትርጉም ይከተላል፤ በዕብራይስጡ 9ኛና 10ኛ የሆኑት መዝሙራት በዚህ አንድ ናቸው። ከዚያ በኋላ ያሉት አብዛኞቹ መዝሙራት በግዕዙ በአንድ ቁጥር ዝቅ ይላሉ።

ለምሳሌ ስለ እረኛ የሚናገረው መዝሙር በግዕዙ 22ኛ፣ በዕብራይስጡ አቆጣጠር 23ኛ ነው። አንባቢ በግዕዙ 22ኛው ላይ ዕልባት አድርጎ በዕብራይስጥ ወደሚቆጠር ትርጉም ቢሻገር፣ ቁጥሩን ብቻ የሚያይ መተግበሪያ ስለ መከራና ስለ መተው የሚናገረውን መዝሙር ይከፍትለታል። አንድ መደመር ወይም መቀነስም ሁልጊዜ አይሠራም፤ የዕብራይስጡ 114ኛና 115ኛ በግዕዙ 113ኛ ሆነው ሲጣመሩ፣ 116ኛው ደግሞ 114ኛና 115ኛ ተብሎ ለሁለት ይከፈላል። መፍትሔው ሁለቱን የሚያዛምድ ሰንጠረዥ በመተግበሪያው ውስጥ ማስቀመጥ ነው።

## የዕለት ማሳሰቢያ

ውዳሴ ማርያም ለሰባቱ የሳምንቱ ቀናት የተከፋፈለ ስለሆነ ማሳሰቢያው ሰዓቱን ብቻ ሳይሆን ዕለቱንም ማወቅ አለበት። መጀመሪያ የሚያጋጥመው ስሕተት የሰዓት ነው። የንጋቱ 12 ሰዓት በስልክ 06:00 ነው፤ ተጠቃሚው 12:00 ብሎ ከሞላ ማሳሰቢያው በቀትር ይመጣል።

ሁለተኛው በውጭ አገር ይታያል። ማሳሰቢያው በአዲስ አበባ ሰዓት ለማክሰኞ ንጋት 12 ሰዓት ከታሰረ፣ ዋሽንግተን ላለ ሰው በክረምታቸው ወራት ሰኞ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ይደርሰዋል፤ የሚከፈትለትም የማክሰኞው ክፍል ይሆናል። ስለዚህ ሰዓቱም ዕለቱም ስልኩ ካለበት አገር መወሰድ አለባቸው።

ማሳሰቢያው ጭራሽ ላይመጣም ይችላል። ከአንድሮይድ 6 ጀምሮ ስልኩ ሥራ ሲፈታ ባትሪ ለመቆጠብ የመተግበሪያዎችን ሥራ ያዘገያል፤ ከአንድሮይድ 13 ጀምሮ ደግሞ መተግበሪያው መልእክት ለማሳየት የተጠቃሚውን ፈቃድ ይጠይቃል። ስልኩ ጠፍቶ ሲበራም ቀጠሮዎቹ ስለሚሰረዙ መተግበሪያው እንደገና መያዝ አለበት። በአይፎን አንድ መተግበሪያ አስቀድሞ ሊይዝ የሚችለው 64 ማሳሰቢያዎችን ነው፤ ለየቀኑ የተለየ ጥቅስ የሚልክ መተግበሪያ ሁለት ወር ያህል ሳይከፈት ከቆየ ዝም ይላል። ለስለስ ያለ ማሳሰቢያ ድምፅ ስለሌለው አንባቢው መቅረቱን በቀላሉ አያስተውልም። ለመፈተን ከዐሥር ደቂቃ በኋላ እንዲመጣ አድርጎ ስልኩን አጥፍቶ ማብራትና መጠበቅ ይቻላል።